የጠመኔው ምልክት

ሲመሽ የሚጠፋው ኔትወርኩ ነው ወይስ ሚስቱ? ልብስ ሰፊው ይህን ጥያቄ ከስፌት መኪናው ጋር ሲያሽከረክረው ከረመ። ሚስቱ ነርስ ናት። ሌላ ከተማ ከተመደበች ወዲህ ቀን ቀን እንደ ልቡ ያገኛታል፤ ሲመሽ ግን ስልኳ አይገባም። «ኔትወርኩ ነው» ትለዋለች፤ እሱም አምኗት ነበር። አንድ ማታ ግን እዚያው ግቢ በሚኖረው የላብራቶሪ ባለሙያ ስልክ ደወለችለት። ድምጿ አጠገቡ የተቀመጠች ያህል ጥርት አለ።

«የሱ ስልክ ምን ተቀብቶ ነው የሚሠራው?» አለ ለራሱ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ፣ ክር አልገባ አለው።

ቁጥሩን ሲያየው የሌላ የቴሌኮም ድርጅት ነው። የሁለቱንም ሲም ገዝቶ፣ ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

«የሚሻልሽን ልምረጥልሽ ብዬ ነው» አላት።

«የኔ መሐንዲስ!» ብላ ሳቀች።

የክፍሏ መስኮት ደፍ ላይ፣ ስልኩ የሚቀመጥበትን ቦታ እንደ ጨርቅ በጠመኔ ከበበው፤ ቦታው ከተቀያየረ ፍርዱ ይዛባላ! ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በዚያው ስልክ፣ እዚያው ምልክት ላይ ሲሙን በስፒል እያወጣ ቀያየረ። ይደውላል፤ ያንኑ ቪዲዮ ይከፍታል። ጠዋት ሁለቱም ሠሩ፤ ቀትርም እንዲሁ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ፣ የሷ ዓይነቱ ሲም ሙሉ ምልክት እያሳየ ጥሪው አልወጣም፤ ቪዲዮውም መሽከርከር ብቻ ሆነ። የላብራቶሪው ዓይነት ግን ወዲያው ጠራ። በማግስቱ ማታ ደገመው፤ ያው ነው።

«እውነትሽን ኖሯል!» አለ፤ ከአፉ አመለጠው።

ልብስ ስታጣጥፍ የነበረችው ሚስቱ እጇን ሰበሰበች። «ምኑን?»

«ኔትወርኩን።»

«ታዲያ ምን መስሎህ ነበር?»

ስፒሉን ኮሌታው ላይ ሰካ።

«እኔ ሞኟ! ለኔ አስቦ መጣ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳወራ ሰነበትኩ። አንተ ለካ ልትመረምረኝ ነው የመጣኸው።»

«ያ ላብራቶሪው እኮ…»

«እሱን ተወው! ሚስቱ አራስ ናት። ‹ባልሽ እንዳይሰጋ ደውይለት› ብላ ስልኩን ያዋሰችኝ እሷ ናት።»

በነጋታው የተሻለውን ሲም ስልኳ ላይ ገጠመላት። «ለሥራም ይጠቅመኛል» አለች እንጂ አላመሰገነችውም፤ መኪና ተራ ድረስም አልሸኘችውም። ሲወጣ የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል አያት።

ቤቱ ሲደርስ መሽቶ ነበር። «በሰላም ገባሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ብሎ ጻፈላት። መልእክቱ ወዲያው ደረሰ፤ ጥቂት ቆይቶ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ሰማያዊ ሆነ። በኔትወርኩ እንዳያመካኝ፣ መርጦ የሰጣት ራሱ ነው። ስልኩን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። መልስ አልመጣም፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ።