ከላይ ወደ ታች አምስተኛው መስመር

የልጅ ልጄ ስልክ መንገድ ላይ ቢዘጋ፣ ደህና መሆኗን በምን አውቃለሁ? ባለፈው ወር ሮቤ ላይ መብራት ሦስት ቀን በጠፋ ጊዜ ይህን ስንቴ ራሴን እንደጠየቅሁ እንጃ። ሩሀማ ከጎባ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ቆማለች፤ ስልኳ ደግሞ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። እኔ በር ላይ ቆሜ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም።

ሩሀማ እዚሁ ሮቤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ተጠባባቂ ሆና እቤት ስትውል፣ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ሲበዙባቸው አለቃዋ ሲስተር ሰርክአዲስ በቴሌግራም ትጠራታለች። በተራ ጥሪ አትጠራትም፤ የሩሀማ ስልክ ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ስልክ ስለሆነ እኛ ሰፈር ተራ ጥሪ አይገባለትም፣ ኢንተርኔቱ ብቻ ነው ደህና የሚሠራው። ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። ቋንቋ መቀየሪያውን ከፍተን አይተናል፤ ያለው ጃፓንኛ ብቻ ነው።

ስልኩን የሸጠላት ጎረቤታችን ሳላሕዲን ነው። ሱቁ ሄጄ ባትሪው እንዲበረክት ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት።

«አኮ፣ እኔም ጃፓንኛ አላነብም» አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛው አኮ፣ አያቴ፣ ነው የሚለኝ። «ቦታውን ነው የማውቀው። ጥርሳሟን መንኮራኩር ይንኩ፣ ቅንብሩ ይከፈታል። ከላይ ወደ ታች ሲቆጥሩ አምስተኛው መስመር ላይ የባትሪ ሥዕል አለ። እዚያ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ቆጣቢው ነው።»

ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ጽፌ ያዝኩ። ስለ ሌላውም ጠየቅሁት፣ ባትሪ የሚበላውን ፕሮግራም ለብቻው ማሰር ይቻል እንደሆነ። ይቻላል አለኝ። የፕሮግራሙን ሥዕል ተጭኖ መያዝ፣ ከምትወጣው ትንሽ ሳጥን ክብ ውስጥ ያለችውን ምልክት መንካት፣ ከዚያ የባትሪውን መስመር መፈለግ። ሦስት ምርጫ አለ፤ የታችኛው ከጀርባ እንዳይሠራ ያስረዋል። «ግን የሚያስፈልጋትን እንዳይነኩ» ብሎኝ ነበር። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም።

በማግስቱ ሩሀማ ከአዳር ተራ መጥታ ስትተኛ ስልኩን አነሳሁ። የይለፍ ቁጥሩ የእናቷ የልደት ዓመት ነው። አምስተኛው መስመር እውነትም ባትሪ ነው። ቆጣቢውን አበራሁ፤ ከላይ ጥግ ያለችው የባትሪ ሥዕል ውስጧ የመደመር ምልክት አወጣች። በዚያው ገጽ የትኛው ምን ያህል እንደበላ የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ከሁሉ በላይ የወረቀት አውሮፕላኑ፣ ቴሌግራም። በላተኛው ይኸው ነው ብዬ የታችኛውን ምርጫ ነካሁለት። ባትሪው እስከ ማታ ቆየ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ተጠርታ ቀረች። መልእክቱ የደረሳት ከሰዓታት በኋላ፣ ቴሌግራሙን ራሷ ስትከፍተው ነው። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ፊቷ ገርጥቶ ገባች።

«ሲስተር ሰርክአዲስ ሦስተኛ ከቀረሽ ለደሎ መና ምደባ ስምሽን አስተላልፋለሁ አለችኝ። ስልኬ ተበላሽቷል ብላት አላመነችኝም። ዛሬም ተጠባባቂ ነኝ።»

ደሎ መና! የሰነቴን አምባ ጭጋግ አቋርጦ፣ የሀረናን ጫካ ቁልቁል ወርዶ። መንገድ ላይ እንዳትቀር ብዬ ባደረግሁት ነገር ልጄን በዚያ መንገድ ልሰዳት ነው። ሳላሕዲን ጊኒር ገበያ ሄዷል። ሚስቱን ሶፍያን ከሱቁ ጠራኋት።

«ሩሀማ፣ ስልኩን ስጪኝ» አልኩ።

«ለምን እማማ?»

«ስጪኝ ስልሽ ስጪኝ።»

መጀመሪያ አምስተኛው መስመር ገብቼ ቆጣቢውን አጠፋሁ። የመደመር ምልክቷ ጠፋች። እፎይ አልኩና የስልኩን ስክሪን አጥፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። «ሶፍያ፣ እስቲ መልእክት ላኪላት።»

ሶፍያ ላከች። ጠበቅን። ስልኩ ዝም።

«ልኬያለሁ ወላሂ» አለች ሶፍያ ስልኳን እያሳየችን። «አኮ፣ ይሄ ስልክ እንደ ባሌ ነው፤ ካልነኩት አይመልስም።»

ሩሀማ አልሳቀችም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። «እማማ፣ የባትሪውን ቦታ በምን አወቁት?»

የወረቀት አውሮፕላኑን ተጭኜ ያዝሁ፤ ሳጥኗ ወጣች፤ ክቧን ነካሁ። ገጹ በጽሑፍ ብቻ የተሞላ ነው፣ የባትሪ ሥዕል የለበትም። ያን ጊዜ ሳስረው እንዳልስት ከአምስተኛው መስመር የባትሪዋን ቃል ወረቀቴ ላይ ቀድቻት ነበር፤ መጨረሻዋ ላይ ረጅም አግድም ሰረዝ አለባት። ወረቀቱን ከመሀረቤ ፈትቼ ከእያንዳንዱ መስመር ጋር አስተያየሁ። ተገኘች፤ ከሥሯም የመቶኛ ምልክት አለ።

ከፈትሁት። ሦስት ክቦች ተደርድረዋል፤ ነጥቡ የታችኛው ውስጥ ነው።

«ይኸው፣ የታሰረው እዚህ ነው» አለች ሶፍያ። «የቱን ልንነካ ነው?»

«የታችኛው ሁለት ጥቅጥቅ ያሉ ምልክቶች ነው» አልኩ። «የላይኛው እነዚያኑ ሁለቱን ይዞ ሁለት ቀለል ያሉ ጨምሯል፤ የእስሩ ተቃራኒ ሳይሆን አይቀርም። የመካከለኛው ሌላ ነው።»

«የመካከለኛው ይሻላል፣ መካከል አያሳስትም።»

«መካከለኛውማ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ያሉበት ነው፣ ያን ቀን አይቻለሁ። ስልኩ እንደፈለገ የሚወስንበት መሰለኝ። እኔ ዛሬ ለስልኩ አልተውለትም።»

የላይኛውን ነካሁ። ነጥቡ ወደ ላይ ሄደ። ስክሪኑን አጠፋሁት፤ ሶፍያ እንደገና ላከች። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ስልኩ ጮኸ። ሶፍያ አጨበጨበች፤ የላከችው የሳቅ ፊት ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ሶፍያ ፊት። «ስትተኚ ቴሌግራሙን ያሰርሁት እኔ ነኝ። ባትሪው እንዳይሞትብሽ ብዬ ነው።»

«በይለፍ ቁጥሬ ከፍተው?»

«አዎ።»

«ሁለት ጊዜ መሰደቤን ስነግርዎ እዚህ ተቀምጠው ሲሰሙ?»

«ስልኩ ተበላሽቷል ስትይ እኔም አምኜሽ ነበር። የገባኝ አሁን ደሎ መና ስትይ ነው። እኔ ራሴ ሄጄ ለሲስተሯ እነግራታለሁ።»

«እማማ፣ ማንም ጋ አይሄዱም!»

ሶፍያ ሱቁ ክፍት ነው ብላ ሹልክ አለች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትምና ወሬዬን ቀጠልሁ፤ ባትሪውን ማዳን ካለብን ቪዲዮ የምታይበትን እንሰር፣ እሱ ቢዘገይ ማንም አይሞትም፣ ቆጣቢውንም ተጠባባቂ ባልሆንሽበት ቀን ብቻ እናብራው፣ አልኳት። ስልኩን አንስታ ሦስቱን ክቦች ራሷ ከፍታ አየች፣ ነጥቡ የላይኛው ላይ መሆኑን በጣቷ እየጠቆመች። ከዚያ ዘግታው ሻይዋን ቀዳች።

ብርጭቆውን ገና አፏ ሳታደርሰው ስልኩ ጮኸ። ገልብጣ አየችው። ሲስተር ሰርክአዲስ ናት፤ የፎቶዋን ነጭ ጋውን ከማዶ አውቄዋለሁ። ሩሀማ ሻይዋን አስቀመጠች። ጋውኗን ከወንበሩ አነሳች፣ ጫማዋን በቁሟ አጠለቀች።

«ባትሪው ስንት ቀረው?» አልኳት።

ስልኩን ኪሷ ከተተችና በሩን ከፍታ ወጣች።