ኖርዌይ ያልሆነው በረዶ

ኔሊዳ ታማ ከተኛች ወራት አልፈዋል። ልጇ ላውታሮ «ኖርዌይ ነኝ፤ ሩቅ ስለሆነ መምጣት አልቻልኩም» ብሎ በረዶ መሐል የተነሳውን ፎቶ ላከላት። ፎቶውን ለባሏ ለኤቫሪስቶ አቀበለችው። እሱ አንዲስ ተራሮች ግርጌ ባለችው ከተማቸው በሜንዶሳ ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ የበረዶ ግግር ሲያጠና የኖረ ሰው ነው።

«አገሩ አያምርም፣ ሽማግሌው?» አለችው።

ከላውታሮ ጀርባ በረዶው ቁመቱ ሰው የሚያክል የቢላ ስለት መስሎ፣ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። ኤቫሪስቶ ዝም ማለት ይችል ነበር።

«ይሄ ኖርዌይ አይደለም» አለ። «እንዲህ ያለ ስለት የሚወጣው አየሩ ደረቅ፣ የቀትር ፀሐይዋም ከአናት በሆነችበት ከፍታ ላይ ነው። ኖርዌይ ፀሐይዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ተራራቸውም ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር አይሞላም። ይሄ ከአራት ሺህ በላይ ነው። ድንጋዩንም አውቀዋለሁ፤ የኛው አንዲስ ነው።»

«ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?»

«በመኪና ግማሽ ቀን።»

ፎቶውን ከእጁ ሳትቀበል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ የልጇን ስም አላነሳችም፤ በሳምንቱ አረፈች።

ኤቫሪስቶ ለልጁ ደውሎ አረዳው። «ዋሽተሃታል፤ በረዶው የኛ መሆኑን ነግሬያታለሁ» አለው።

«የዋሸሁት አንተን ላለማየት ነው» አለ ላውታሮ። «እሷ ኖርዌይ ነው ብላ ብትሞት ምን ይጎድልብህ ነበር፣ አባባ?»

ላውታሮ ስልኩን ዘጋው።