«ይኅድር»

ሰብሊ ኡራኤል አካባቢ በሚገኝ አንድ የትርጉም ቢሮ ከተቀጠረች አራት ዓመት ሆናት። የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። ልጅ ሳለች ዳዊት ስለደገመች፣ ግእዝ የመጣ እንደሆነ ለእሷ ነው የሚሰጣት፤ የሚመጣውም በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።

ሰኔ ላይ ስልሳ ዓመት የሚጠጋው አንድ ሰው መጣ። ኃይለገብርኤል ይባላል፤ መካኒክ ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ የሠላሳ ዓመት ጋራዡ አብሮ ፈርሶ፣ ደምበል ጀርባ ወዳጁ ጋ ተጠግቶ ይሠራል። አባቱ ቡልጋ ውስጥ የታወቁ መሪጌታ ነበሩ። እሱ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ የቅኔ ትምህርቱን ጥሎ አዲስ አበባ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ አባቱ ዐይኑን አላዩትም። በቅርቡ ሲያርፉ እህቱ ስመኝ የብራና ዳዊታቸውን ላከችለት። በመጨረሻው ቅጠል ላይ በአባቱ እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። ፊደሉን ይለያል፤ ግእዙን ግን ረስቶታል። ተዝካሩ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። እህቱ ደግሞ ለተዝካሩ መጥተህ በዚያው ቅር፣ ቤቱ ሰፊ ነው ብላዋለች። አባቱ ምን እንዳሉ ሳያውቅ ግን እግሩ አልነሣ አለው።

ጽሑፉ ይህ ነበር፦ «ለእመ ገብአ ወልድየ ይኅድር ውስተ ቤትየ፤ እስመ ፈቀድኩ እርአይ ገጾ።»

ሰብሊ ሁሉም ቃል የምታውቀው መሰላት። መዝገበ ቃላት አላየችም፤ ማንንም አልጠየቀችም። «ልጄ ከገባ ቤቴ ይደር፤ ፊቱን ለማየት ፈቅጃለሁና» ብላ ጻፈች፤ ማኅተም አድርጋ ሰጠችው።

ኃይለገብርኤል ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንደ መንገደኛ» አለ በዝግታ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እሷም የአባቱ ክፋት ገርሟት ዋለች።

ሐምሌ ሲገባ፣ በአንድ አሮጌ የክርስትና ወረቀት ላይ ያለ ቃል ልትጠይቅ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን መምህር አብርሃ ዘንድ ሄደች። ግእዝ ያስተምራሉ። ጉዳይዋን ስትጨርስ በጨዋታ መሐል የመካኒኩን ነገር አነሣችላቸው፤ ሟቹ ለልጃቸው አንድ ሌሊት ብቻ ፈቀዱለት አለቻቸው። መምህሩ እስቲ ግእዙን በዪው አሏት። ገጹን ፎቶ አንሥታው ስለነበር ከስልኳ ላይ አነበበችላቸው።

«እመቤታችንን ማኅደረ መለኮት ስትያት፣ ለአንድ ሌሊት ያደረባት ማለትሽ ነው?» አሏት።

«አይደለም፤ ማደሪያው፣ መኖሪያው ማለቴ ነው።»

«ታዲያ ኀደረ ኖረ ነው። ለገባ ግእዙ ቦአ ነው፤ ገብአ ግን ተመለሰ ማለት ነው። ፈቀደንም እኛ ነን የፈቃድ ወረቀት ያደረግነው። በግእዝ ሻ፣ ፈለገ ነው። ፈቃድህ ይሁን ስትይ እኮ የወደድኸው ይሁን ማለትሽ ነው።»

ሰብሊ ቃላቱን አንድ በአንድ ስትተካ ፊቷ ጋለ። ልጄ ከተመለሰ በቤቴ ይኑር፤ ፊቱን ላየው ሽቻለሁና። መሪጌታው ያሉት ይህን ነበር።

ወደ ቢሮ አልተመለሰችም። በካፊያው ውስጥ በእግሯ ደምበል ጀርባ ወረደች። ኃይለገብርኤል መኪና ሥር ተኝቶ አገኘችው። ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጣት። ለተዝካሩ አልሄደም ነበር። በገዛ አባቴ ቤት ለአንድ ሌሊት እንግዳ አልሆንም ብሎ ለእህቱ በስልክ ነግሯት፣ ተኳርፈዋል።

«ጋሽ ኃይሌ፣ አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው።

«ኑር የሚለው የቱ ነው?»

ስልኳን አስጠግታ አሳየችው። በግራሶ የጠቆረ ጣቱን ከቃሉ በላይ ያዘው፤ አልነካውም። ከንፈሩ ቃሉን ደጋግሞ አነበነበ።

«ቋንቋውን ጥዬ የጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልጄ?»

ለእህቱ እዚያው ደወለ። ስመኝ ሰዉ በተዝካሩ ላይ ልጁ የት አለ እያለ እንዴት እንዳሳፈራት ብዙ ተናገረችው። እሱም ሳያቋርጣት ሰማ። መጨረሻ ላይ የላይኛው ክፍል ያፈሳል፣ ስትመጣ ሚስማር ይዘህ ና አለችው።

በሳምንቱ ሄደ። ነሐሴ ላይ ለሰብሊ ደውሎ፣ የሰፈሩን ወፍጮ ሞተር እያደሰ መሆኑንና ለጊዜው እንደማይመለስ ነገራት። ድምፁ ቀለል ብሎ ነበር።

ሰብሊ ግእዝ ሲመጣ መምህር አብርሃ ሳያዩት ማኅተም አይደረግበት ብላ አለቃዋን ጠየቀች። አለቃዋ ደንበኛ ይቸኩላል ብሎ ካንገራገረ በኋላ ተስማማ። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ቂርቆስ ሄዳ ከልጆች ጋር ግስ ትቆጥራለች። የምታውቀው የሚመስላት ቃል በመጣ ቁጥር አሁን የበለጠ ትፈራለች፤ ኃይለገብርኤል ሳይደርስበት ያለፈውን ተዝካር ታስብና መዝገበ ቃላቱን ትገልጣለች።