ልጅ የሌለው ወተት

«ወተት ከሰማይ ይወርዳል እንዴ? እስቲ ንገሪኝ! ያለ ልጅ ጡት ወተት ያወጣል?»

«እኔ ምን ላውቅ እማማ? እርሶ ሰባት ወልደው ያላወቁትን እኔ አንድም ሳልወልድ ከየት ላምጣው?»

«ሰባቱም አባት ነበራቸው!»

ይቺኛዋ ንግግር ልብስ ሰፊዋ ጎን ላይ እንደ መርፌ ተሰክታ ቀረች። ሸሚዟ አማቷ እጅ ላይ ነው፤ ደረቱ ላይ ሁለት ነጭ ክብ ደርቆበታል። አሮጊቷ ሌባ እንደያዘ ሰው ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፤ ለማን እንደምታሳየው እንጃ፣ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከሄደ መንፈቅ ሊሞላው ነው። የልብስ ሰፊዋ የወር አበባ ደግሞ ከቀረ ሦስት ወር አለፈው። መጀመሪያ ድካም ነው ብላ ናቀችው። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰሞን ነበር፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አትልም። ከዚያ አንድ ቀን ኮሌታ ልትገጥም ደፋ ስትል ደረቷ ረጠበ። ውሃ መሰላት። ውሃ አልነበረም። አጠገቧ ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዋ «እንኳን ደስ…» ብላ ስትጀምር ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ከደነችባት።

ከፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛች፤ አንድ መስመር። ደገመች፤ ያው አንድ መስመር። ለአማቷ ብታሳያት፣ «ይሄ ቁራጭ ከኔ በላይ ሊያውቅ ነው?» አለችና ስልክ አንስታ ለልጇ ደወለች። ምን እንዳለችው እግዜር ይወቀው። ብቻ መኪናውን ባቆመ ቁጥር የሚደውለው ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ጭጭ አለ። እሷ ስትደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሳም።

ልብስ ሰፊዋን የሚበላት ይሄ ነው። ጡቱስ ይፍሰስ። እሱ ግን ምን ብሎ አስቦ ይሆን?

«ተነሺ!» አለች አማቷ። «ሐኪም ፊት ይውጣ። ሆድሽ ውስጥ ያለውን መሣሪያው ይናገር።»

«እንሂድ። ነገ ሳይሉ፣ አሁኑኑ።»

ተያይዘው ሄዱ፤ አንዷ ልታስመሰክርባት፣ አንዷ ሊመሰከርላት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። አሮጊቷ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ዶክተሯ መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋን አየቻት።

«ይግቡ?»

«ይግቡ። በገዛ ጆሯቸው ይስሙ።»

ሽንቷ ታየ፤ እርግዝና የለም። አልትራሳውንድ ተደረገላት፤ ማህፀኗ ባዶ ነው። አሮጊቷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«ልጄ፣ በደንብ ፈልጊ እንጂ!»

«እናቴ፣ የምንፈልገው ልጅ ነው፣ መርፌ አይደለም። ቢኖር ይታየን ነበር።»

ከዚያ ጥያቄ መጣ። ራስሽን ያምሻል? አያመኝም። ስትሄጂ በጎን ያለ ነገር አይታይሽም፣ ትጋጫለሽ? አልጋጭም። ወተቱ ራሱ ነው የሚፈሰው ወይስ ትጨምቂዋለሽ?

«ጠዋት ጠዋት አልበዋለሁ። ሙልጭ ብሎ ወጥቶ እንዲደርቅ።»

«እኔ ነኝ ያልኳት» አለች አማቷ፣ ኩራት ቢጤ እየሞከራት።

«ተይው። ጡትሽ ልጅ የጠባው ነው የሚመስለው፤ ጨምር እያልሽው ነው። የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም።»

ደም ሰጠችና ውጤት ይጠበቅ ተባለ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ መሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት አለ። ቀትር ሲሆን አሮጊቷ ከጨርቅ ዳቦ አወጣች፤ ቆርሳ ሳታያት ዘረጋችላት። ከዚያ ደረቷ ውስጥ ገብታ የተቋጠረ መሐረብ ፈታች፣ ከማሸጊያው አንድ ክኒን ጠብ አደረገች፣ እሱንም ሳታያት ዘረጋችላት።

«መጀመሪያ እሱን ዋጪ።»

ዶክተሯ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ክኒኑ ገና መዳፏ ላይ ነበር።

«ቆይ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የኔ ነው» አለች አሮጊቷ። «ስበላ ይነፋኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ለሱ ነው። እሷንም ጨጓራ ሲያስቸግራት ከምግብ በፊት እሰጣታለሁ፣ በቀን ሦስቴ። ይኸው ስንት ወሩ። ብጣላትስ፣ ጨጓራዋ ምን በደለኝ?»

ዶክተሯ ማሸጊያውን ገልብጣ አነበበች። ዶምፔሪዶን ይላል።

«መድኃኒት አልወስድም አላልሽም?»

«ይሄ እኮ የእማማ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። እውነቷን ነው፤ እነሱ ቤት መድኃኒት የሚባለው ሐኪም በስምሽ ያዘዘልሽ ነው፤ ከአማት መሐረብ የሚወጣው እንደ ጨውና በርበሬ ያለ የቤት ዕቃ ነው።

ዶክተሯ አስገብታ አስቀመጠቻቸውና አስረዳች። አንጎል ሥር አተር የምታክል ዕጢ አለች፤ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች፣ ወተት አምጣ ብሎ ጡትን የሚያዘው እሱ ነው። አንጎል ሁልጊዜ ፍሬን ይዞባታል። ይሄ ክኒን ፍሬኑን ያስለቅቃል። ሆርሞኑ ሲበዛ ወተት ይመጣል፤ ለእንቁላል ማምረቻው የሚሄደውንም ትዕዛዝ ያፍነዋል፣ ስለዚህ የወር አበባ ይቀራል። ደሟ ላይ የታየው ይኸው ነው፣ ፕሮላክቲኑ ከፍ ብሏል፤ ይሄንኑ ሊያመጣ የሚችለው፣ አንገቷ ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ግን ደህና ነው።

«ክኒኑን ዛሬውኑ ታቆሚያለሽ። ደምሽን ደግመን እናያለን። ካልወረደ ግን ጭንቅላትሽ ፎቶ ይነሳል፤ አንዳንዴ እዛች ዕጢ ላይ ትንሽ እባጭ ይወጣና እንዲህ ያደርጋል። ቢሆንም አብዛኛው በክኒን ይድናል፣ አትፍሪ። እርሶም እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ ይሄ ክኒን ልብ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላልና ሳይታዩ እንዳይቀጥሉ።»

አሮጊቷ መሐረቧን ቋጠረች፣ ፈታች፣ ደግሞ ቋጠረች።

ሁለተኛውን ምርመራ የጠበቁበት ሰሞን ከባድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እጇን ከጡቷ ሰበሰበች፤ ክኒን ቀረ። ጭንቅላቴ ውስጥ እባጭ ቢኖርስ እያለች እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ሁለቴ ተረተረች። ቤት ስትገባ ምግቧ ተከድኖ ይጠብቃታል፤ የከደነችው ሴትዮ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ሌላ ክፍል ተቀምጣለች። ሸሚዟ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አገኘችው። ይቅርታም የለ፣ ስድብም የለ።

ሁለተኛው ደም ሲታይ ሆርሞኑ ወርዶ ቦታው ገብቷል። ወተቱም ቀስ በቀስ ደረቀ። ከሳምንታት በኋላ፣ ሥራ ላይ እያለች፣ ወገቧን ያዝ አደረጋትና ተነስታ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። እዛው ቆማ አለቀሰች። እቤት ገብታ፣

«መጣ» አለች።

አሮጊቷ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ስልኳን አነሳች። ከእናቱ ሲሆን ስልኩ ወዲያው ተነሳ፤ ድምፁ ይሰማ ዘንድ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልጄ፣ ስማኝ። ሚስትህ ንጹሕ ናት። እኔው በሰጠኋት ክኒን ነው ነገሩ። ሐኪም በደም አይቶታል። አንደበቴን ይቁረጠው፣ የንጹሕ ሰው ስም አጠፋሁ።»

ከወዲያ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሰውዬው ሳቅ አለ፤ የተገላገለ ሰው ሳቅ።

«ኧረ ተይ እማዬ! እኔ መቼ አመንኩሽና? እሷን አላውቃትም እንዴ? ነገሩ እስኪበርድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አሮጊቷ ደስ ብሏት ስልኩን ወደ ምራቷ ገፋችው። ልብስ ሰፊዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«እናትህስ አምነው ነው የሰደቡኝ» አለችው። «አንተ ሳታምን ነው የተውከኝ።»