የእድላዊት ጸጉር ሲፈታ

ከዱባይ ተራ ጀርባ ፎቅ ላይ ያለችው ፎቶ ቤቴ ጠባብ ናት። ሴቶች ግን ይወዷታል። ፎቶ አንሺዋ እኔ ካሚላ ስለሆንኩ በሩን ዘግተው፣ ሻሻቸውን አውልቀው እንደልባቸው ይነሳሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራልኝ ዛኪር ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉን ቢዘጋ ደግሞ ምንም አይወጣለትም ነበር። ብጉር ያጠፋል፣ የተጨፈነ ዓይን ይገልጣል፣ ለሙሽራ ከኋላዋ ባሕር ያመጣላታል። ችግሩ አንድ ነው፤ ፊቱ የመጣውን ሁሉ ካላሳመርኩ ይላል።

እትዬ ያለምወርቅ ከገና በፊት ባለው ሳምንት መጡ። አማኑኤል ሰፈር በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ በዓይን የማውቃቸው ሴት ናቸው። ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደውታል። ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የደንብ ልብስ የለበሰች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ናት። ልጃቸው እድላዊት ነበረች፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ታይፎይድ ወሰዳት።

ፎቶውን አስተልቀው ለአርባዋ ቤታቸው ሊሰቅሉት ነው። ያ ቀላል ነበር። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ቀላል አልነበረም። እድላዊት ጸጉሯን ፈትታ መልቀቅ ትወድ ነበር። እናት ደግሞ ልጅ ጸጉሯን ለቃ መንገድ አትወጣም ባይ ናቸው። ልጅት ስትለምን ስትለምን፣ ለጥምቀት እፈታልሻለሁ ብለው ቃል ገቡላት። ጥምቀት ሳይደርስ ታመመች፣ በሹሩባዋም ተቀበረች። ጸጉሯ ተለቆ የተነሳችው ፎቶ አንድም የለም።

«ቃሌን በላሁባት» አሉኝ። «በፎቶ እንኳ ፍቱልኝ።»

ዛኪር ምን ችግር አለው አለ። ፎቶውን ስካን አድርጎ ገባበት። እትዬ ተመልሰው ሲመጡ ያሳየናቸው ጸጉር በእርግጥ ያምር ነበር። ተጠቅልሎ ትከሻዋ ላይ የተኛ፣ የሚያብረቀርቅ ጸጉር ነው። መሀል አናቷ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ በሚመስል መስመር ተከፍሏል። እኔም አይቼ ወድጄው ነበር።

እትዬ ያለምወርቅ ስክሪኑን ብዙ አዩት። አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞሩና «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

ዛኪር ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ክንዱን ቆነጠጥኩት። ቀስ ብዬ ምኑ እንዳልመሰላቸው ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን ከግራ ግንባሯ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ አሳረፉ። እድላዊት ስትድህ የቆርቆሮ ጫፍ ቆርጧት እዚያ ጠባሳ ቀርቷል፤ ጸጉር አይበቅልበትም። ዕድሜዋን ሙሉ ሹሩባዋን የሠሯት እሳቸው ነበሩ፣ የጸጉሯን መክፈያ መስመርም ሁልጊዜ በጠባሳው ዙሪያ አጠፍ ያደርጉት ነበር። እውነትም የመጀመሪያውን ፎቶ ስናይ ከሹሩባዎቹ አንዱ መስመር እዚያ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ በመሀሉም ትንሽ ነጣ ያለች ቦታ አለች። ዛኪር ቆሻሻ መስሎት አጥፍቷታል፣ መስመሩንም አቅንቶታል።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ተጨቃጨቅን። ጠባሳውን እመልሳለሁ፣ በቃ፣ አለኝ። እኔ ደግሞ ያኔ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ጸጉሩ ሂውማን ሄር ከሚባለው የሚቀጠል ጸጉር ማስታወቂያ ላይ የተቆረጠ የሰው አገር ጸጉር ነው። አናቷ ላይ ልክ እንደ ሹሩባው ልጥፍ ብሎ ከታች ብቻ ይጠቀለላል። የእኛ ጸጉር ሲፈታ ከሥሩ ነው የሚነሳው፤ ጭንቅላት ከላይም ከጎንም ይጨምራል። የራስ ቆዳዋንም ሁሉንም ጥቁር ቀብቶታል፣ ስለዚህ ጸጉሩ የተደፋ ቆብ ይመስላል። ይህን ስነግረው ተቆጣ፤ ከዚያ «ታዲያ እንደሷ ያለ ጸጉር ከየት ላምጣ?» አለኝ።

መልሱ ነጠላ ስር ነበር። እትዬ ያለምወርቅ ለልቅሶ ጸጉራቸውን አልተላጩም። እህቶቻቸው ተላጭተው እሳቸውን ሲጠይቋቸው፣ የልጄን ነገር ሳልጨርስ አልላጭም ብለው እንደነበር ነግረውኛል። እምቢ ቢሉኝም አይፈረድባቸውም ብዬ እየፈራሁ ሄጄ ጠየቅኳቸው። በማግስቱ መጡ።

ዛኪርን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። መብራቱን የልጅቷ ፎቶ ላይ ብርሃን በመጣበት በኩል አቆምኩት፣ እሳቸውንም እንደሷ ፊታቸውን ትንሽ አዙሬ አስቀመጥኳቸው። ሹሩባቸውን አንድ በአንድ ፈታሁት። የማበጠሪያ ጥርስ አላስነካሁትም፤ ቢበጠር ጎፈሬ ይሆናል። በጣቴ ብቻ ለያየሁት። ሹሩባው የሰጠውን ጥምዝ እንደያዘ፣ ሰፋና ከፍ ብሎ ቆመ። እድላዊትም ለጥምቀት ቢፈታላት ይህንኑ ይዛ ትወጣ ነበር።

ቀጥዬ በማበጠሪያው እጀታ ከግንባራቸው ወደ ኋላ ልከፍለው ጀመርኩ። እትዬ ያለምወርቅ እጄን ያዙ። እጀታውን ተቀብለው በራሳቸው መክፈል ጀመሩ፤ ከግራ ግንባራቸው ከፍ ብለው ሲደርሱ እጃቸው አጠፍ አለ። እዚያ ቦታ ላይ እሳቸው ጠባሳ የላቸውም። ያደረጉትን ያወቁት ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ያኔ አለቀሱ፣ እኔም ካሜራውን አስቀምጬ አብሬያቸው አለቀስኩ። ከዚያ ፊታቸውን ጠረጉና አንሺኝ አሉኝ።

ዛኪር ስንት ቀን እንደሠራበት አልቆጠርኩም። የእናትየውን ጸጉር ከልጅቷ ራስ ላይ ሲያሳርፈው መጀመሪያ ቦታ ጠበበው፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ ጨመረ። ሽበቶቹን አንድ በአንድ አጠቆረ። በግንባሯ ዳር ያሉትን ጥቃቅን ጸጉሮች አልነካም፤ የራሷ ናቸው። ከሹሩባው መስመሮች የታጠፈውን ብቻ አስቀረ፣ ከጠባሳው ጋር። የራስ ቆዳዋን ቀለም ከዚያው ከራሷ መስመር ላይ ወሰደ። ግንባሯ አጠገብ ፈካ አደረገው፣ ወደ አናቷ ሲሄድ ጸጉሩ እየገጠመበት እየጨለመ እንዲጠፋ አደረገ። የመስመሩን ዳርና ዳር ግን ጥርት አድርጎ አልሳለውም፤ ጥላ ጣለበት፣ ጥቂት ጸጉሮችም እንዲሻገሩት ተወ። ጆሮዋን ሸፈነ፣ አንገቷ ላይም የጸጉሩን ጥላ አሳረፈ። ያ ሁሉ ሲሆን አንዲት ነገር ላሳምር አላለም።

አርባዋ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ ያለምወርቅ መጡ። ፎቶውን በፍሬም አድርገን ጠረጴዛው ላይ አቁመንላቸዋል። ዛኪር ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ፤ ማየት ፈርቶ ነው።

ቁጭ አሉና ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ከግንባሯ ጀምረው በመክፈያው ላይ ወደ ኋላ ሄዱ። ጠባሳው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ታጠፈ፣ እዚያው ቆመ።

«ፈታሁልሽ» አሉ። ለሷ ነው የሚናገሩት፣ እኛ እዚያ የሌለን ያህል።

ሊስሟት ጎንበስ ሲሉ ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ወደ ትከሻቸው ወረደ። በጣቶቼ የለያየሁት ያ ሁሉ ጸጉር የለም፤ ጥርግ ተደርጎ ተላጭቷል። ዛኪርም ዞሮ አየ፣ ወዲያው ዓይኑን ወደ ፎቶው መለሰ። ያ ጸጉር አሁን ያለው እድላዊት ራስ ላይ ብቻ ነው። ነጠላውን አንስቼ መልሼ አለበስኳቸውና ፍሬሙን ይዤ እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው።