ትኩሳቱ እንዲታይ

ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ታቅፋ ጤና ጣቢያው ስትገባ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። የልጁ እናት ታናሽ እህቷ ናት፤ ፋብሪካ ስለምትውል የሃያ ወሩን ልጅ ቀን ቀን የምትይዘው እሷ ነች።

ከሁለት ቀን በፊትም እዚሁ መጥታ ነበር። ልጁ ቀኝ ጆሮውን እየጎተተ ይነጫነጫል፣ ትንሽም ያተኩሰዋል። ወጣቱ ሐኪም ጆሮ መጎተት ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ እንቅልፉ የመጣ ልጅም ይጎትታል ብሎ፣ መብራት ባላት መመልከቻ ሁለቱንም ጆሮ አየ። ቀኙ ቀልቷል፣ ግራው ደህና ነው፣ ፈሳሽ የለም። ብዙው በራሱ ስለሚድን አንቲባዮቲክ ለጊዜው ይቆይ አለ። በልጁ ክብደት ልክ የፓራሲታሞል ሽሮፕ አዘዘና፣ ከባሰበት ወዲያው፣ ካልተሻለው ደግሞ በሁለት ቀን እንድትመለስ ነገራት።

ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ልጅ እየተቃጠለ ጠብቂ? ቤቷ ስትደርስ ሽሮፑን ሳትከፍተው ከክር ሳጥኑ ኋላ ሸጎጠችው። ትኩሳቱን ካበረድኩለት ደህና ነው ብሎ ሊመልሰኝ አይደል፣ ያለውን እንዳለ ይየው ብላ ቆረጠች። እህቷ ከሥራ ስትገባ ሰጥቼዋለሁ፣ እንዳትደግሚው እያለች ዋሸቻት። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀምስ፣ ትከሻዋ ላይ ካልሆነም አልተኛ አለ። ባለቀሰ ቁጥር ሐኪሙን ረገመች።

«ይኸው ጠበቅኩልህ» አለችው አሁን። «እስቲ ደግመህ ጠብቂ በለኝ።»

ሐኪሙ የልጁን ትኩሳት ለካ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ጆሮዎቹን አየ። የሁለቱም ታምቡር ቀልቶ አብጧል። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ነው፣ ሁለቱም ጆሮ ተይዟል፣ በሁለት ቀንም አልተሻለውም፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ዛሬውኑ ይጀምራል አለ።

ደረቷን ነፋች። አላልኩህም ልትል አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ማስታገሻውን መጨረሻ የሰጡት መቼ ነው፣ እትዬ?»

«አልሰጠሁትም። ሰጥቼው ትኩሳቱ ይደበቅ?»

ሐኪሙ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «እኔ የማየው ጆሮውን ነው! ሽሮፕ የታምቡር እብጠት አይደብቅም። ቢሰጡትም ዛሬ የማዝለት ይኼንኑ ነበር። ጆሮው የባሰበት በእርስዎ አይደለም፤ ሕመሙን ግን በከንቱ አሸከሙት።»

አንቲባዮቲኩም ሕመሙን ዛሬ እንደማያነሳለት፣ ሽሮፑ አብሮ መቀጠል እንዳለበት ነገራት። ሽሮፑንም እዚያው ለክቶ አጠጣው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ በነገር እንደወጋት ይሰማታል፤ ልትመልስለትም ቃል ፈለገች። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ልጁ ጆሮውን ለቀቀ፣ ውሃ ጠጣ፣ ክንዷ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አርባ ደቂቃ! ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ነክቷት ነው ያልሰጠችው? አሁን የምትረግመው ሌላ ሰው አጣች።

ስልኳ ጠራ። እህቷ ነበረች፤ እንዴት ሆነ፣ ሽሮፑ አልሠራም እንዴ ብላ ጠየቀች።

«አልሰጠሁትም፣ ዋሽቼሽ ነው» አለቻት። «ስትመጪ ያሻሽን ስደቢኝ። አሁን ግን ድምፅሽን ቀንሺ፣ ተኝቷል።»