ሜጉሜ ሦስት ቀን

መሰለች በዕድሩ ጸሐፊነት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ማኅተም ያለቦታው መትታ አታውቅም። እንዲህ ብላ ራሷም ታምናለች፣ ሰዉም ያምንላታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን በትልልቁ አትማ ከጠረጴዛዋ በላይ ለጥፋዋለች። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ዕድሩ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ሲገባ ደግሞ ከሸራውና ከድስቱ በፊት ያሸሸችው ኮምፒውተሯን ነው። በቃለ ጉባዔ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ንግግራቸው በካሴት ይቀዳል። መሰለች ካሴቱን ሰምታ ትተይባለች፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርማሉ፣ በሚቀጥለው ጉባዔ እዚያው ካሴት ላይ ሌላ ይቀዳበታል። አዲስ ካሴት ማባከን በዕድሩ ዘንድ ነውር ነው። የተፈረመባቸው ወረቀቶች ግን ሰፈሩ ሲፈርስ በክረምት መሀል ሲጓጓዙ ረጥበው ገንፎ ሆኑ። የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ከአንድ ወር በፊት ፍርድ ቤቱ ለዕድሩ ጻፈ። ፋዮ የምትባል ሴት፣ አባቴ አቶ ሂርጳ ልጅነቴን በሽማግሌ ፊት አምኗል ትላለች፤ እውነት ከሆነ ቃለ ጉባዔው ይላክ። ሂርጳ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ልጁ ኢዶሳ «አባቴ ይህችን ሴት አያውቃትም» ብሎ ቆሟል። መሰለች ፈለገች። «ሂርጳ» ብላ ጻፈች፣ የለም። ለኮምፒውተር አንዱ ሀ ከሌላው ሀ ጋር ዝምድና እንደሌለው ስለምታውቅ በሐመሩ ሐም በብዙኃኑ ኀም ጽፋ ሞከረች። የለም። «ተፈልጎ አልተገኘም» ብላ ጽፋ ማኅተሟን መታች።

ፋዮ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «እትዬ መሰለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር እኮ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ማሽን አይዋሽም፣ የኔ ልጅ» አለቻት መሰለች። ኋላ ይህቺን ቃሏን ባስታወሰች ቁጥር ፊቷን የምትደብቅበት ታጣለች።

ውሳኔ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኢታና ፕሪንተሩን ሊያይ መጣ። ለሙከራ ከድሮዎቹ ፋይሎች አንዱን ገጽ አተመና ሳቀ።

«እትዬ፣ ‹ሜጉሜ 3 ቀን› የትኛው ወር ነው?»

መሰለች መነጽሯን አድርጋ አየች። ጳጉሜ መሆን ነበረበት።

«ወደ አዲሱ አጻጻፍ፣ ወደ ዩኒኮድ ቀይርልኝ ብለው ፋይሎቹን ሲሰጡኝ ምን ነክተው ነበር?» አላት ኢታና። አሁን አይስቅም።

ነክታ ነበር። የድሮው ጽሑፍ ውስጥ ጳ፣ ጴን የመሳሰሉት ብርቅ ፊደላት ቀጠን፣ ጎበጥ ብለው ይታዩ ነበር። የፎንታቸውም፣ የፊደል ቅርጻቸው ማለት ነው፣ ስም ከሌላው ይለይ ነበር። እሷ ደግሞ ዝብርቅርቅ አትወድም። ፋይሉን ከመስጠቷ በፊት ጽሑፉን በሙሉ መርጣ አንድ ፎንት አደረገችውና እዚያው ላይ ሴቭ አደረገችው። ሊያምር ብላ።

«ድሮ ፊደላችን በኮምፒውተር ላይ የራሱ ቁጥር አልነበረውም» አለ ኢታና። «የእንግሊዝኛውን ፊደል ቁጥር ተውሶ ነበር የሚሠራው። ያ ቦታ አልበቃ ሲል ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈሉት። በአንደኛው ፎንት ሜ የሆነው ቁጥር በሁለተኛው ጳ ነው። ለይቶ የሚነግርዎት የፎንቱ ስም ብቻ ነበር። እሱን አጠፉት። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ያየውን ይዞ ጳን ሁሉ ሜ አድርጎ ገለበጠው።»

«ታዲያ መልሰዋ።»

«እንዴት ብዬ? ሜን ሁሉ ጳ አድርግ ብዬ ባዘው ሜክሲኮ ‹ጳክሲኮ› ሊሆን ነው። ማሽኑ መለየት አይችልም። አንድ በአንድ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል።»

መሰለች «ሂርሜ» ብላ ጻፈች። አሥራ አራት ቦታ ተገኘ። አሥረኛው ላይ፣ በዚያው በሜጉሜ 3 ቀን፣ እንዲህ ይላል፦ «አቶ ሂርሜ፦ እናቷን አላገባኋትም እንጂ ልጅነቷን ክጄ አላውቅም። ፋዮ ልጄ ናት።»

የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ፈቃደ ተጠርተው መጡ። ቆመው አነበቡትና ቁጭ አሉ።

«መሰሉ፣ ስሙን አስተካክይና አትመሽ ውሰጂ። አሁን ገና ተገኘ በያቸው፣ አለቀ።»

«ካስተካከልኩትማ አሁንም ነካሁት ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ፊደላችን ተዘበራርቋል ብለሽ ከተናገርሽ እኮ ከእንግዲህ የዚህን ዕድር ወረቀት ማን ያምናል? የሃያ ዓመት ስምሽስ?»

ስሟን ትወዳለች፤ ከሰው ሁሉ ይልቅ ስሟን ነው የምትወደው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ፈራች። ገጹን ግን እንዳለ፣ ከነስህተቱ አተመች። የበፊቱን ደብዳቤ የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጽፋ ማኅተም መታችበትና መንገዱን ተሻግራ ፍርድ ቤት ገባች።

ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛዋ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀመጡ። የኢዶሳ ጠበቃ ተነሳ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ሂርሜ የሚባል ሰው ነው። የእኛ ሟች ሂርጳ ናቸው።»

«ፊደሉን ማን ነው የለወጠው?» አሉ ዳኛዋ።

«እኔ ነኝ» አለች መሰለች። «እንዲያምር ብዬ ነው። ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከላይ ቀኑን ይመልከቱልኝ። ሜጉሜ የሚባል ወር የለም። ጳጉሜ የነበረ ነው። የወሩን የመጀመሪያ ፊደል ሜ ያደረገው ስህተት ነው ሂርጳንም ሂርሜ ያደረገው። የወሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ሜ ግን ከድሮም ሜ ነው።»

ዳኛዋ ቀኑን በጣታቸው ነክተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፋይሉ በባለሙያ እንዲመረመር አዘዙ፤ ውሳኔውንም አቆዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ መሰለች፣ እንዲህ ‹አልተገኘም› የሚል ደብዳቤ ለሌላ ሰው ጽፈዋል?»

ይህን አላሰበችውም ነበር። «አሥራ አንድ» አለች።

ፋዮ ደጅ ላይ ጠበቀቻት። አላመሰገነቻትም።

«ትናንት ልጆቼን ሰብስቤ፣ ሂርጳ አያታችሁ አይደለም፣ እኔ ተሳስቼ ነው አልኳቸው» አለች። «ማሽን አይዋሽም አሉኝ እኮ፣ እትዬ።»

መሰለች ወደ ቢሮዋ ተመልሳ የደብዳቤዎቹን መዝገብ አወጣች። የመጀመሪያው የጋሽ ገዳ ነው። ጋሽ ገዳ ከወንድማቸው ከጳውሎስ ጋር ተኳርፈው ሳይታረቁ ወንድማቸው ሞተባቸው። በሽማግሌ ፊት ስለ እኔ ያለው ነገር ካለ ፈልጊልኝ ብለው ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በሦስተኛው «እንግዲህ ቂሙን ይዞት ሄዷላ» ብለው ወጡ። አምና ሲሞቱ ድንኳኑን ያስተከለችው መሰለች ናት።

«ሜውሎስ» ብላ ጻፈች። ስድስት ቦታ ተገኘ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ለወንድሜ ለገዳ ንገሩልኝ። ይቅር ብዬዋለሁ።»

ንጹሕ ወረቀት አወጣችና ቀኑን ጻፈች። «ለ» አለችና እጇ ቆመ። ለማን እንደምትጽፍ አላወቀችም።